ልጡ የተገፈፈው ዋንዛ

የባሌ ታላቅ ወንድም ዋንዛውን የላጠው እኔ ለሐዘን ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ይህን ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ። ስቸኩል ከእጄ የሚወጣው ስድብ ብቻ ነው። ስድቡን ፊት ለፊት ተናግሬ ጨርሼዋለሁ። እዚህ ማስቀመጥ የምፈልገው የሆነውን ነገር ነው።

ማሳችን ከመቱ ወጥቶ ወደ ሶር በሚወስደው መንገድ፣ ባጃጅ እስከሚደርስበት ተሂዶ ከዚያ በእግር ቁልቁል የሚወረድበት ተዳፋት ላይ ነው። መሬቱ ከባሌ አባት የወረደ ነው። ባሌ ቡና አምራች ነበር፤ እኔ ከተማው ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የኔ ወላጆች ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ የሱ ዘመዶች ከጎሬ እስከዚህ ድረስ ያሉ ያገሬው ሰዎች ናቸው። ስንጣላ በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ እንጨርሳለን። ሲታረቀኝ ግን ቃል አያወጣም። ወደ ማሳው ወርዶ የታመመ ቅጠል በኪሱ ይዞልኝ ይመጣና "ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?" ብሎ መዳፌ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ መጽሐፍ ለመፈለግ ስነሳ ጠቡ አለቀ ማለት ነው።

ከማሳው መሐል አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። የባሌ ዘመዶች በኦሮምኛ ወዴሳ ይሉታል። ከዋንዛው ሥር ባሌ የቡና ችግኞቹን በላስቲክ ከረጢት እየሞላ የሚያፈላበት ቦታ ነበረው። የመጨረሻዎቹ ችግኞች እንደሌሎቹ አልነበሩም። ከዓመታት በፊት ቡናን አቁሞ የሚያደርቀው በሽታ ማሳችን ገብቶ ነበር። ይህ በሽታ ከግንዱ ውስጥ፣ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፍናል። አፈሩ ርሶ፣ ዝናቡ እየዘነበ፣ ቅጠሉ ከላይ በጥም ይሞታል። ባሌ የደረቀውን ግንድ በቢላ ፍቆ ጠቆር ያለውን እንጨት ሲያሳየኝ፣ በክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ዛይለም እያልኩ በጠመኔ የሳልኩትን ነገር ተዘግቶ አየሁት። ዙሪያው ሁሉ ሲደርቅ አንድ እግር ቡና ብቻ ምንም ሳይነካው ቆመ። ባሌ የሱን ፍሬ ለይቶ፣ በጥላ አድርቆ ዘራ። "ይሄ ዘሩን ያተርፍልናል" አለኝ። ችግኞቹ አደጉ፤ ክረምት ገብቶ የሚተከሉበት ጊዜ ሲደርስ ግን እሱ አልጋ ያዘ። ሳይተከሉ ከከረጢታቸው ውስጥ ቀሩ። ኅዳር ላይ እሱ ሞተ፤ ችግኞቹ የሚቀጥለውን ክረምት እየጠበቁ ከዋንዛው ሥር ተቀመጡ።

ወንድሙ ዋንዛውን ጠልቶት የኖረ ሰው ነው። "ቡና ፀሐይ ካላየ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም" ይላል። ባሌ ደግሞ "ዋንዛው ባይኖር በጥር ፀሐይ ምን ይተርፍህ ነበር?" ይለዋል። ይህን ክርክር በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ፤ ማንም አሸንፎ አያውቅም። ዛፉ የቆመው ባሌ በሕይወት ስለነበረ ነው። እንዲህ በቀላሉ ነበር የሚታየኝ፤ አሁንም በቀላሉ ነው የሚታየኝ።

በኛ አገር ቡና መሐል የቆመ ትልቅ ዛፍ አይገነደስም። ሲወድቅ ስንቱን ቡና ይዞ ይወድቃልና። ይልቅ ግንዱን ዙሪያውን ይልጡታል፤ ዛፉ ቆሞ ይሞታል፤ ቅርንጫፉም በጊዜው ጥቂት በጥቂት ይወርዳል። ወንድሙ ያደረገው ይህንኑ ነው። በደረት ቁመት ላይ፣ ከመዳፍ ሰፋ አድርጎ፣ ልጡን ዙሪያውን ገፈፈው። እጁ የሠለጠነ ነው። ገጀራው እንጨቱን አልጫረውም፤ ነጩ ግንድ እንደ ታጠበ አጥንት ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ይህን ያወቅሁት ከአርባው በኋላ ነው። ለቅሶ ሊደርሱ የሚመጡት ሁሉ ያውቁ ነበር። እሱ ራሱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከፊቴ ተቀምጦ፣ "ማሳውን አታስቢ፤ ጥላውን ቀለል አድርጌልሻለሁ" ብሎኛል። ቅርንጫፍ መለመለ መስሎኝ አመሰገንኩት። ይህ ምስጋናዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አርባው በወጣ ማግስት ወረድኩ። ዋንዛው ለምለም ነው። ሰፋፊ ቅጠሎቹ እንዳሉ ናቸው። ከሥሩ ደርሼ ያንን ነጭ መቀነት ሳየው ከችግኞቹ መሐል ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ተነሥቼ በቀጥታ ወደ ወንድሙ ቤት ሄድኩ፤ ቅርብ ነው፣ ከጅረቱ ማዶ።

"ጋሼ፣ ዋንዛውን ማን ላጠው?"

"እኔ ነኛ። ነግሬሽ የለም እንዴ?"

"ጥላ አቀለልኩ ነው ያሉኝ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ቀስ እያለ ይቀልላል።"

"ገደሉት።"

"እስቲ ቀና ብለሽ እዪው" አለኝ፤ እሱም በገጀራው ጫፍ ወደ ማዶ አመለከተ። "የሞተ ነገር እንዲህ ይለመልማል?"

ወዲያው ሰምቼ ቢሆን፣ ልጡ ገና ርጥብ ሳለ መልሶ ማሰር፣ ወይም ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን ቅርንጫፍ እንደ ድልድይ ማጣበቅ ይሞከር ነበር። ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄጄ ስጠይቅ ባለሙያው እንደዚያ ነው ያለኝ፤ አሁን ግን የተራቆተው እንጨት ደርቋል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ፍራሽ ላይ ነበርኩ። ሴት ባሏ ሲሞት ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች፤ ወንድሙ ገጀራ ይዞ ማሳ ለማሳ ይዞራል። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ባገኘው የምለው አላጣም።

ሽማግሌ ጠራሁ። ሦስት ሆነው መጡ፤ የሚናገረው ግን አንዱ ነው፤ እኔንም ባሌንም የዳረን፣ ሰርጋችን ላይ የመረቀን ሰው። እዚያው ከዋንዛው ሥር፣ ኮባ ቅጠል ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። እኔ ጧት ቀድሜ ወርጄ ነበር። ዝቅ ብሎ በተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል፣ ቅጠሎቹን በነጭ ፌስታል ሸፍኜ አፉን በገመድ አሰርኩት። ይህንን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፌስታሉ ከውስጥ ያልበዋል፤ ከዚያ ጠብታው ይጠራቀማል። ተማሪዎች ውሃ የጨመርኩበት ይመስላቸዋል።

ሽማግሌው "ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ተናገሪ" አለኝ።

እኔም ተናገርኩ። ፌስታሉን ፈትቼ ውሃውን አሳየኋቸው። "ይህ ውሃ ከአፈር ነው የመጣው" አልኩ። "በእንጨቱ ውስጥ ባለው ቧንቧ ወጥቶ፣ በቅጠሉ ጀርባ ባሉ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይተናል። የሚስበው ፓምፕ የለም። ከቅጠሉ ላይ ውሃ ሲተን ከኋላው ያለውን ውሃ ይጎትታል፣ እንደ ገመድ፣ እስከ ሥሩ ድረስ። እንጨቱ ስላልተነካ ውሃው እየወጣ ነው። ቅጠሉ የለመለመው ለዚህ ነው። ነገር ግን ቅጠሉ የሚሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በእንጨቱ አይደለም፤ በልጡ ነው። ልጡ ደግሞ የለም። ይኸው ከመቀነቱ በላይ አብጧል፤ መውረጃ ያጣው ምግብ ነው። ሥሩ እየጾመ ነው። ያለውን ስንቅ ጨርሶ ሲደክም ውሃውን መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ ያን ጊዜ ነው የሚሞተው።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች እብጠቱን በጣታቸው ዳሰሱት። እውነትም በላይኛው ጠርዝ ላይ እንደ ከንፈር ወጣ ብሏል። አንደኛው አንገቱን ነቀነቀ። ልቤ ትንሽ ተነሣ።

ወንድሙ ግን ፌስታሉን ከእጄ ተቀበለኝ። ከፍ አድርጎ ለፀሐይ አሳየው። ውሃው ወደ አንድ ጥግ ወርዶ ያብለጨልጭ ነበር።

"አባቶቼ፣ እዩልኝ እንግዲህ" አለ። "ይሄ ውሃ የመጣው ከዚህ ዛፍ ነው፤ ራሷ ነች ያለችው። ውሃ የሚጠጣ፣ የሚያልበው፣ ሞቷል ይባላል? እኔ ብዙ ሬሳ ገንዣለሁ፤ የሚያልበው አላጋጠመኝም።"

ሳቁ። ሽማግሌውም ሳቀ፤ ከዚያ ሐዘን ላይ መሆኔን አስታውሶ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

"ቲቸር፣ ይሄ ክላስ አይደለም" አለኝ ወንድሙ፣ ፌስታሉን ሲመልስልኝ። በራሴ ትምህርት ረታኝ። ተማሪ ቢሆን ዜሮ እሰጠው ነበር፤ ሽማግሌ ፊት ግን ሙሉ ነጥብ አገኘ።

ነገሩ ሽማግሌዎቹ ሞኞች ስለሆኑ አይደለም። ያንን የቡና በሽታ ያዩ ሰዎች ናቸው። በሱ ጊዜ የመጀመሪያው ምስክር ቅጠል ነበር፤ ቅጠል ጠወለገ ማለት ቡናው አለቀ ማለት፣ ቅጠል ለመለመ ማለት ተረፈ ማለት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ቅጠል ያያል። እዚህ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቧንቧው ክፍት ነው፣ የተዘጋው መመለሻው ነው፤ ሞቱ የሚጀምረው ማንም ከማያየው ከአፈር ሥር ነው።

ሽማግሌው ፍርዱን ሰጠ። "ልጡን ለማንሣት መጠየቅ ነበረብህ" አለው ወንድሙን። ለኔ ደግሞ "ኦቦሌቲ ኮ፣ ዛሬ የጎደለ ነገር ሳናይ ምን ብለን እንፍረድ? ጥላው አለ፤ ችግኙም አለ። ወንድማማቾችን ከሞት በኋላ አታጣዪ። ቅጠሉ ሲረግፍ ተመለሺ" አለኝ።

ቶሌ፣ እሺ አልኩ። ሲነሡ ከመካከላቸው አንዱ እጄን ይዞ "ደግሞ እግዜር ይመስገን፣ ፊትሽ አልተጎዳም፤ ደህና ነሽ" አለኝ። ያን ሳምንት ይህን ያላለኝ ሰው የለም። ፊቴ። ሁሉም ቀና ብሎ ፊቴን ያያል።

ዋንዛው እንደማይድን ገብቶኛል። የቀረኝ ችግኞቹ ነበሩ። በጥርና በየካቲት በዚህ ተዳፋት ላይ ከሶር ሸለቆ ደረቅ ነፋስ ሽቅብ ይነፍሳል። ሥሩ እየደከመ የሄደ ዛፍ በዚያ ወራት ቅጠሉን ይዞ ይዘልቃል ብዬ አላመንኩም። ችግኞቹ ደግሞ ከረጢታቸው ጠቧቸው፣ ሥራቸው ተጠቅልሎ፣ ቅጠላቸው ግን ለሰፊ ማሳ የሚሆን ነበር። ጥላው በድንገት ቢነሣ ከላይ ያለው ቅጠል የሚያወጣውን ውሃ ከታች ያለው ሥር አይመልሰውም።

ስለዚህ ጥላ ያስፈልገኝ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ያለው ደግሞ የአርባው ዳስ ነው። እንጨቱ፣ ማገሩ፣ ሳሩ፣ ገና አልፈረሰም ነበር። ወንድሙ እንጨቱን ለራሱ አስቦታል መሰለኝ፤ ስለሱ አንድ ሁለት ጊዜ አንሥቶ ነበር።

ከአጥራችን ማዶ ባለሱቅ የሆነች ጎረቤት አለችኝ፤ ቤተሰቦቿ በቡና ንግድ ከጅማ በኩል የመጡ ናቸው፤ ከኔ በዕድሜ ትንሽ ብታንስም በነገር ትበልጠኛለች። ዳሱን መንቀል ስጀምር ከሱቋ ወጥታ ተመለከተችኝ።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ዳሱን ወደ ማሳ ልወስደው ነው።"

"ለማን?"

"ለቡናው።"

"የተዝካር ዳስ ለቡና ሲጣል ይሄ የመጀመሪያው ነው" አለች። "ቆይ፣ ቡናው ቁጭ ብሎ ይበላል ወይስ ቆሞ?" ከዚያ ገባችና ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች በክንዷ ታቅፋ ወጣች። "ነፋሱን ደግሞ በምን ሊመክቱት ነው?" አለችኝ። ከሞተ ወዲህ ማንም እንደሷ የሚጠቅም ነገር አልጠየቀኝም።

እንጨቱን በጋሪ አስጭነን ወረድን። እሷ ሱቋን ዘግታ አብራኝ ውላለች። ምሰሶዎቹን ተከልን፤ ከላይ ሳሩን አሳሳነው፤ ብርሃን ፈጽሞ እንዳይጠፋ፣ ፀሐዩ ግን እንዲሰበር። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከረጢቶቹን ቀደን ገጣጥመን ወጠርናቸው። ነፋስ ባይኖር ቅጠሉ ያወጣው እርጥበት እዚያው ዙሪያውን ይከበዋል፤ አየሩ ሲረጥብ መትነኑም ይቀንሳል። ነፋስ ሲመጣ ያንን እርጥብ አየር ጠርጎ ደረቁን ያመጣል፤ ቅጠሉም እንደገና ይሰጣል፤ እንደገና ይወስዱበታል። "እንደ ለቅሶ ቤት" አለች ጎረቤቴ። "አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፤ ሐዘንተኛዋ እንባዋን አትጨርስም።" ሳቅሁ። ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ከዚያ መቀስ አወጣሁ። ከእያንዳንዱ ችግኝ ላይ ትልልቆቹን ቅጠሎች እያነሣሁ ግማሽ ግማሻቸውን ቆረጥኩ። ለጋውን ጫፍ አልነካሁትም። ቅጠሉ በግማሽ ሲያንስ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎችም በግማሽ ያንሳሉ፤ የጠበበው ሥር የሚሸከመው ሸክም ይቀልለታል። የሚሠራው ምግብም እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ በበጋ ግን የሚፈለገው ማደግ አይደለም፣ መክረም ነው።

ወንድሙ ከማዶ አይቶኝ ጅረቱን ተሻግሮ መጣ። ዳሱን አየ፤ መቀሱን አየ።

"የወንድሜን ቡና እየቆራረጥሽ ነው?"

"አዎ።"

"እኔ ዛፍ ላጥኩ ብለሽ ሽማግሌ ትሰበስቢያለሽ፤ አንቺ ደግሞ ችግኝ ትቆራርጫለሽ። ሰው ምን ይላል? ዳሱንስ? ነፍሱን አታሳርፊም?"

"ነፍሱ የት እንዳለች እርስዎ ያውቃሉ?"

"ሐዘን አእምሮሽን ነክቶታል" አለ፤ ድምፁ ግን የሚያዝን አይነት ነበር፤ ይህም የበለጠ አናደደኝ። "እስቲ አረፍ በዪ። ማሳውን እኔ እይዝልሻለሁ።"

"ጋሼ፣ የያዙልኝን አይቻለሁ።"

ሄደ። በየመንደሩ ግን "ችግኙን በመቀስ ትላጫለች" የሚል ወሬ ቀድሞኝ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ እንኳ በዓይናቸው ያዝኑልኝ ጀመር። ባዮሎጂ የሚያስተምረው አንዱ ብቻ "ግማሽ ነው የቆረጥሽው ወይስ ሁለት ሦስተኛ?" ብሎ ጠየቀኝ።

በጋው ጠና። ትምህርት ከመግባቴ በፊት፣ ሰማዩ ሳይነጣ በማሳው እገኝ ነበር። ጧት የማይበት ምክንያት ነበረኝ። ችግኝ እኩለ ቀን ላይ ቢጠወልግ አያስፈራም፤ ሰጪና ተቀባይ ለጊዜው አልተመጣጠኑም ማለት ነው። ውሃ ሲያጥረው የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ ቅጠሉ መሥራቱን ትቶ ያለውን ይጠብቃል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ ሥሩ የጎደለውን ይሞላል፤ ጧት ቅጠሉ ቀና ብሎ ይገኛል። ጧትም እንደ ተደፋ ካገኘሁት ግን ሌሊቱ አልበቃውም ማለት ነው። ከጅረቱ በባልዲ እየቀዳሁ እነዚያን አስቀድሜ አጠጣ ነበር። ጉም ከሸለቆው በሚወጣበት ጧት ደስ ይለኝ ነበር፤ በዚያ ጧት ማንም ከማንም ምንም አይወስድም።

በየካቲት ዋንዛው መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ ከላይ፣ ከዚያ ሁሉም። ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። "ቅጠሉ ረግፏል" አልኩት።

ወንድሙ ቀድሞኝ ነግሮታል። "ኦቦሌቲ ኮ፣ ዋንዛ በበጋ መርገፍ ልማዱ አይደለም ወይ?" አለኝ። "ዝናብ እስኪመጣ እንጠብቅ።"

ከበሩ ላይ ተመለስኩ። ትክክል ነበረ። ዋንዛ በበጋ ያረግፋል። ወንድሙ ያን ዛፍ ለመግደል ቅጠሉ በልማዱ የሚረግፍበትን ወቅት ዋዜማ መረጠ፤ አስቦበት እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም። አስቦበት ባይሆን ይሻላል ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። አይሻልም። አስቦበት ቢሆን ቢያንስ ዛፉን አይቶታል ማለት ነበር።

ከዳሱ ውጪ፣ ሳሩ ያልደረሰላቸው በጠርዝ ያሉ ችግኞች ሞቱ። ቅጠላቸው ተኮማትሮ በእጄ ሲነካ ይሰበራል። ከዳሱ ውስጥ ያሉት ግን ዘለቁ። አላደጉም፣ አላማሩም፤ ግማሽ ቅጠላቸውን ይዘው ዝም ብለው ቆዩ።

በመጋቢት ዝናቡ ጀመረ። ሌላው ዋንዛ ሁሉ አቆጠቆጠ። የኛም አወጣ፤ ነገር ግን ትንንሽ፣ ቢጫ፣ እንደ አይጥ ጆሮ ያለ ቅጠል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ከዝናቡ መሐል ጠወለገ። አፈሩ ጭቃ ነው፤ ቅጠሉ በጥም ይሞታል። አሁን ሥሩ ነው የደከመው። ሽማግሌዎቹ ያለ ጥሪ መጡ። ቀና ብለው አዩ። ማንም አልሳቀም።

ወንድሙም መጥቶ ነበር፤ እንደ ልማዱ ገጀራውን ይዞ። ሽማግሌው ለኔ ካሣ ስለሚሆነው ነገር ሲናገር እሱ ይሰማል፤ እጁ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ከግንዱ ሥር የበቀለውን ሙጃ ያጸዳል። ከሙጃው መሐል፣ ከነጩ መቀነት በታች፣ ከግንዱ እግር ላይ ለጋ ቀንበጦች ወጥተው ነበር። እኔ ራሴ ያን ጊዜ ነው ያየኋቸው። ገጀራው ወደ እነሱ ሲሄድ ከመካከል ገባሁ። የጫማዬን ጫፍ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

"ገጀራውን ያስቀምጡ" አልኩት።

"ሙጃ ነው።"

"ሙጃ አይደለም። ከመቀነቱ በታች ነው የወጣው። የሱ ቅጠል የሚሠራው ምግብ መንገዱ አልተቆረጠም፤ በቀጥታ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ከዛፉ የቀረው ይኸው ነው። እሱንም ከቆረጡት ይጨርሱታል።"

አጎንብሶ አየ። ቅጠሎቹ ሰፋ ሰፋ ያሉ፣ ጤነኛ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነበሩ። ቀና አለ። የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

"እንግዲህ አልሞተም ማለት ነው። ታዲያ ምን ስታስለቅሺን ከረምሽ?"

ከዚያ በኋላ ያልኩትን አልጽፈውም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፤ ጎረቤቴ እንዳለችው ደግሞ ድምፄ እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ያልተነገረኝን "አልቅሺ" የሚል ቃል ሁሉም በልባቸው ያሉ መሰለኝ፤ እኔ ግን እያለቀስኩ አልነበረም። ቁጣ ነበር፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቁጣ።

ለሽማግሌው ካሣ እንደማልፈልግ ነግሬው ሌላ ነገር ጠየቅሁ፤ እሱም ፈረደልኝ። ያለ እኔ ቃል በዚያ ማሳ ላይ ማንም ስለት እንዳያነሣ፤ ወንድሙ በቀንበጦቹ ዙሪያ ከብት የማያልፈው የእሾህ አጥር እንዲያጥር፣ አጥሩንም ራሱ እንዲጠብቅ።

ሐምሌ ላይ ችግኞቹን ተከልኩ። የዳሱን እንጨቶች እየነቀልኩ ለእያንዳንዱ ትንሽ ጥላ ሠራሁለት። ሥራቸው ሰፊ አፈር ሲያገኝ አዲሱ ቅጠላቸው ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ የቆረጥኩት ግማሽ ቅጠል ግን ከታች እስከ ዛሬ አለ። የዋንዛው የላይኛው ክፍል ቆሞ ደርቋል፤ ዝናብ በበዛ ቀን ቅርንጫፍ ይጥላል፤ ከሥሩ ማለፍ ስለሚያስፈራ ከሱ ራቅ አድርጌ ተከልኳቸው። ከእግሩ የወጡት ቀንበጦች ከኔ ቁመት በልጠዋል።

ወንድሙ አሁን ለመጣ ሁሉ ዋንዛውን እንዳሳደሰው ይናገራል። "ከላይ ያረጀውን ቀነስኩለት፤ ይኸው ከታች አዲስ ሰጠ" ይላል። ሰውም ያምነዋል፤ ቅጠሉ ለምለም ነዋ።

ባለፈው ሳምንት ስወርድ አጥሩን ሲያጠብቅ አገኘሁት። ዕድሜው ገፍቷል፤ እሾሁ እጁን ወግቶት ደሙን በሱሪው ይጠርግ ነበር።

"ቅጠሉን በመቀስ ልከርክመው?" አለኝ፤ ሊያስቀኝ።

"ክረምት ነው፤ ውሃ አላነሰውም" አልኩት።

ሰላም ብዬው አለፍኩ። ለሻይ አልጠራሁትም።